በስልክ የተሰጠኝን ቃል በኢሜይል ጽፌ ብልክ፣ በኋላ ልይዝበት እችላለሁ?

የመነሻ ጽሑፍ

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለቤቴ ኢንተርኔት ከአንድ ድርጅት ጋር የ24 ወር ውል ነበረኝ፤ ዘጠኝ ወር ሲቀረው ድርጅቱ መስመር ወዳልዘረጋበት አካባቢ ቤት ልቀይር ሆነ። ውሉን ከጊዜው በፊት የሚያቋርጥ ሰው ለእያንዳንዱ ቀሪ ወር 20 ዶላር ስለሚከፍል 180 ዶላር ይጠበቅብኝ ነበር። ዛሬ፣ ማክሰኞ ማርች 4 ቀን 2025፣ ደውዬ ሁኔታውን ሳስረዳ፣ ያነጋገረችኝ ሠራተኛ አዲሱን አድራሻ አጣርታ አገልግሎቱ እዚያ እንደማይደርስ ካረጋገጠች በኋላ የማቋረጫው ክፍያ እንደሚነሣልኝ ነገረችኝ። በጽሑፍ እንድትልክልኝ ስጠይቃት ግን በእሷ በኩል ኢሜይል መላክ እንደማይቻል ገለጸችልኝ።

ከዚህ ቀደም እንዲህ ያለ ቃል ተሰጥቶኝ፣ በኋላ ሌላ ሠራተኛ ምንም ነገር አልተመዘገበም ብሎኝ የማይገባኝን ገንዘብ ከፍያለሁ። ስለዚህ በዚህ ጊዜ ራሴ ኢሜይል ለመጻፍ አሰብኩ። ያዘጋጀሁት ረቂቅ በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ ዛሬ 8:40 ላይ ከሠራተኛችሁ ጋር ተነጋግሬ ክፍያውን እንደማትጠይቁኝ ነግራኛለች፤ ስለ ትብብራችሁ አመሰግናለሁ። ይህ በቂ ነው? ድርጅቱ ሳይመልስልኝ ዝም ቢልስ፣ በራሴ እጅ የጻፍኩት ነገር ድርጅቱን ያስይዘዋል?

ውይይቱ ስለረዘመ፣ ዘግይተው ለሚደርሱ አንባቢዎች እንዲመች የተሰጡትን መልሶች በየቁጥራቸው በራሴ አገላለጽ ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ።

መልስ 1

መጀመሪያ የጻፉልኝ በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። ልጄ እያሉ በትሕትና ከጻፉልኝ ውስጥ ዋናው ነገር፣ ኢሜይሉን ለነገ ሳላሳድር ዛሬውኑ እንድልክ ነው። እሳቸው ባለፈው ዓመት በተመሳሳይ ጉዳይ ሲከራከሩ፣ የድርጅቱ ሠራተኛ መዝገቡን ከፍቶ አንብቦላቸው ነበር፤ በዚያ ቀን የተጻፈው ደንበኛዋ አገልግሎት ስለማቋረጥ ጠይቃለች የሚል አንድ መስመር ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጥሪው መኖሩ ተመዝግቧል፤ ቃሉ ግን የለም። እሳቸውም የሆነውን በጽሑፍ ያስቀመጡት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበርና፣ ቀኑንና የገንዘቡን መጠን እያቀላቀሉ ተቸግረዋል።

መልስ 2

ሁለተኛዋ ጸሐፊ ስድስት ዓመት በጥሪ ማዕከል የሠራች እህት ናት። በዚህ ውይይት ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ የእሷ መልስ ስለሆነ ረዘም አድርጌ አቀርበዋለሁ።

እንደ እሷ አነጋገር፣ ሠራተኛዋ ክፍያው ይነሣልሃል ስትለኝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ማለቷ ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ ማስተካከያውን እዚያው በስልክ ላይ ሳለሁ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገብታ ጨርሳለች ማለት ነው። ሁለተኛው፣ የመጨረሻው ቢል ሲወጣ ሌላ ሰው ያነሣዋል ብላ ማስታወሻ ትታለች፣ ወይም ልትተው አስባለች ማለት ነው። የማቋረጫ ክፍያ የሚመጣው አገልግሎቱ ከተዘጋ በኋላ በሚወጣው ቢል ላይ ስለሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ሁለተኛው ነው፤ ገና ያልተጻፈ ዕዳ ሊሰረዝ አይችልምና። ቃሉ የሚጠፋውም በዚህ በጥሪውና በቢሉ መካከል ባለው ጊዜ ነው። ሠራተኛዋ ዋሽታ ላይሆን ይችላል፤ ቢሉ ሲወጣ ግን የእሷን ማስታወሻ የሚያነብ ሰው የለም፤ ክፍያውን የሚጨምረው ማሽን ነው።

ከዚያ ወደ ረቂቄ ተመልሳ ጉድለቶቹን ነገረችኝ። ክፍያውን የሚለው ቃል የትኛውን ክፍያ እንደሆነ አይናገርም፤ መጠኑም ምክንያቱም የለም። ሠራተኛዋ አዲሱን አድራሻ አጣርታ የሰጠችው ውሳኔ መሆኑን አለመጥቀሴን በተለይ ነቀፈች፤ ምክንያት የሌለው ቃል ሌላው ሠራተኛ ሲያየው ስህተት ይመስለዋል። የሠራተኛዋ መለያ ቁጥርና የጥሪው ማመሳከሪያ ቁጥርም በእጄ እያለ አላሰፈርኩትም ነበር።

ሰዓቱን በተመለከተም 8:40 ስል በእኛ አቆጣጠር ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በእርግጥም ነበር። ወረቀቴ ላይ በለመድኩት አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ከአርባ ብዬ ጽፌ፣ ቁጥሩን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛው ረቂቅ አሻግሬዋለሁ፤ በድርጅቱ መዝገብ ግን ጥሪዬ የሚገኘው ከሰዓት በኋላ 2:40 ላይ ነው። የጥሪውን የድምፅ ቅጂ የሚፈልግ ሰው በሰጠሁት ሰዓት ሲፈልግ ምንም አያገኝም፤ ከዚያም አልፎ ቀሪው የጻፍኩት ሁሉ ያጠራጥረዋል። ከስልኬ የጥሪ ዝርዝር ላይ ሰዓቱንና የቆየበትን ደቂቃ እንድወስድ መከረችኝ።

መልስ 3

ሦስተኛው በዋሽንግተን ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው። ኢሜይሉ መጨረሻ ላይ በ10 ቀን ውስጥ ካልተቃወማችሁ እንደተስማማችሁ እቆጥራለሁ የሚል ዓረፍተ ነገር ብጨምር ነገሩ እንደሚያልቅ አረጋገጡልኝ። እሳቸው ከጅምላ አከፋፋይ ጋር በስልክ ከተስማሙ በኋላ እንዲህ እየጻፉ እንደሚልኩ፣ ሕጉም ከእሳቸው ጋር እንደሆነ፣ ዝም ያለ ወገን በዝምታው እንደሚታሰር ጻፉ።

መልስ 4

ለዚህ መልስ የሰጠው በሕግ ቢሮ የሚሠራ ሰው ሲሆን፣ አጻጻፉ ጠንከር ያለ ነበር። ነጋዴው የጠቀሱት የ10 ቀን ደንብ በእርግጥ አለ፤ ነገር ግን በነጋዴና በነጋዴ መካከል ለሚደረግ የዕቃ ሽያጭ የተደነገገ ነው እንጂ ለቤቱ ኢንተርኔት ያስገባ ሰው የሚጠቀምበት አይደለም። ለነጋዴዎቹም ቢሆን፣ ዝም ያለው ወገን ውሉ በጽሑፍ ስላልሆነ አይጸናም የሚለውን መከራከሪያ ያጣል እንጂ፣ ስምምነቱ መኖሩን የማስረዳቱ ሸክም በላኪው ላይ እንዳለ ይቀራል። ይህን ሳያጣሩ ለሰው ሕግ ነው ብሎ መንገር ጉዳት እንደሆነ በግልጽ ጻፈ፤ ነጋዴው ቅር እንደተሰኙ ኋላ ላይ ታይቷል።

ይሁን እንጂ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ አላስወጣውም። መልኩን ለውጦ፣ ያሰፈርኩት ከተነገረኝ የሚለይ ከሆነ እባካችሁ በጽሑፍ አስታውቁኝ ተብሎ ቢጻፍ ጥሩ ነው አለ። ድርጅቱን አያስርም፤ ለማረም ዕድል እንደነበረው ግን ያሳያል። ነገሩን የሚመለከት ዳኛ፣ በጥሪው ዕለት የተጻፈንና ሌላው ወገን እያነበበ ያላረመውን ጽሑፍ፣ ጠብ ከተነሣ በኋላ ከተነገረ ትዝታ አብልጦ ሊያምነው ይችላል።

ከባዱ ጉዳይ ሌላ ነው አለ። እንዲህ ያሉ ውሎች አብዛኛውን ጊዜ ማንኛውም ለውጥ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም የሚል አንቀጽ ስላላቸው፣ እኔ ብቻዬን የጻፍኩት ኢሜይል የድርጅቱ ጽሑፍ አይሆንም። ስለዚህ ኢሜይሉ መልስ እንዲያመጣ ተደርጎ መጻፍ አለበት። ደርሶናል፣ መዝግበነዋል የሚል አንድ መስመር ከድርጅቱ ቢመጣ፣ እኔ ከምጽፈው ሁለት ገጽ ይበልጣል።

መልስ 5

ይህን ሁሉ መጻፍ ለምን አስፈለገ ያለ አንድ ወጣት ደግሞ ስልኩን ቀድቶ መያዝ ብቻ በቂ እንደሆነ ጻፈ። ጥያቄዬ ስለ ኢሜይል መሆኑን ያስተዋለ አልመሰለኝም፤ ስለ መቅጃ መተግበሪያዎች ብዙ ዘረዘረ።

መልስ 6

ከባልቲሞር የጻፉ አባት ወዲያው ተቆጡ። ሜሪላንድ ውስጥ የሌላውን ወገን ፈቃድ ሳያገኙ የስልክ ንግግር መቅዳት ከባድ ወንጀል ነው፤ ቅጣቱም እስከ አምስት ዓመት እስራትና እስከ 10,000 ዶላር መቀጮ ሊደርስ ይችላል። ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ ግን ከተነጋጋሪዎቹ የአንዱን ፈቃድ ብቻ ስለሚጠይቁ፣ የወጣቱ ምክር እዚያ ትክክል ቢሆንም ወደ ሜሪላንድ የተሻገረ ሰው ግን ወንጀለኛ ይሆናል። ሳታውቅ ሰውን ወደ እስር ቤት አትምራ ብለው ገሠጹት። ወጣቱ ድርጅቱ ራሱ ጥሪው ሊቀዳ ይችላል ብሎ ስለሚያስታውቅ እኛም ተፈቅዶልናል ማለት አይደለም ወይ ብሎ መልሶ ጠየቀ። የሕግ ቢሮው ሰው በዚህ ላይ ክርክር እንዳለና ራሱ እንደማይሞክረው ብቻ ተናግሮ ዘጋው። እኔም ከዚያ ወዲያ አልገፋሁበትም፤ ኢሜይል የመጻፍ አንዱ ጥቅም የማንንም ፈቃድ አለመጠየቁ ነው።

መልስ 7

ቀጥላ የጻፈችው እህት የራሷን አሳዛኝ ጉዳይ አመጣች። በክሬዲት ካርዷ ላይ ያላዘዘችው 412 ዶላር ተጽፎ ስታገኝ ለባንኩ ደወለች፤ ሠራተኛው እንከታተለዋለን፣ አንቺ ምንም ማድረግ አያስፈልግሽም አላት። ጠበቀች፤ ሦስት ወር አለፈ፤ በመጨረሻም ጊዜው አልፏል ተባለች። የፌዴራሉ ሕግ ተቃውሞው ስህተቱ ያለበት የመጀመሪያው መግለጫ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲደርስ ይጠይቃል፤ የሚላከውም ክፍያ ወደሚገባበት አድራሻ ሳይሆን ለቢል ጥያቄዎች ወደተለየው አድራሻ ነው። የስልኩ ቃል ይህን ቀን አላስቆመላትም።

ጉዳዩ ከእኔ ቢለይም ያስተማረኝ ነገር አለ። በእኔ ጉዳይ ኢሜይሉ የተነገረኝን ይመዘግባል፤ በእሷ ጉዳይ ግን የሚፈለገው ሕጉ ያዘዘው ተቃውሞ ራሱ ነበር፤ እሱን ትታ በስልክ እንዲህ ብላችሁኛል ብላ ብትጽፍ ኖሮም ባልበቃት ነበር። የሕግ ቢሮው ሰው ለእሷ ሲመልስ ከቀድሞው ይልቅ ለዘብ ብሎ፣ ሠራተኛ ምንም ማድረግ አያስፈልግህም ሲል ያ ራሱ መጻፍ ያለበት ቃል መሆኑን አስታወሳት።

መልስ 8

ከለንደን የጻፈ ወንድም በብሪታንያ ሁኔታው የተሻለ መሆኑን አስረዳ። የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ፣ አገልግሎት ሰጪው ለሸማች በቃል የተናገረው ነገር ሸማቹ ተማምኖበት ከወሰነ የውሉ አካል እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ለሚደረግ ውሳኔም ጭምር። የተቀዳውን ድምፅ ራሱን ስለ ግል መረጃ በወጣው ሕግ መሠረት በነጻ መጠየቅ ይቻላል፤ ድርጅቱ በመደበኛው በአንድ ወር ውስጥ መመለስ አለበት። እሱ ግን እንዲያም ሆኖ ኢሜይሉን ይጽፋል፤ ምክንያቱም የድምፅ ቅጂ ለዘላለም አይቀመጥም፤ ጥያቄው ሲደርሳቸው የጠፋ ቅጂ ካለ ማንም ሊያስመልሰው አይችልም።

መልስ 9

አዲስ አበባ ያሉ ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ደግሞ ነገሩን ወደ ደብዳቤ ወሰዱት። እሳቸው ለማንኛውም መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲያስገቡ በሁለት ቅጂ ይዘው ሄደው፣ አንዱ መዝገብ ቤት ሲቀር በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርገው ይመለሳሉ። ኢሜይሌ ያ ማኅተም የት አለው ብለው ጠየቁ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም ዝምታ በመርሕ ደረጃ እንደ መቀበል እንደማይቆጠር ጠቅሰው በመልስ 3 የተጻፈውን አረሙ። ከዚያ ስለ ድሮ መዝገብ ቤቶች ሥርዓት ረዘም ያለ ትዝታ ጻፉ፤ አንዳንዶች ከርዕሱ ወጡ ቢሏቸውም፣ የማኅተሙ ጥያቄ እኔን እስከ መጨረሻው አልለቀቀኝም።

መልስ 10

አንድ ሰው ውል ፈርመህ ካቋረጥህ ክፈል፤ 180 ዶላር ለማዳን ይህን ያህል ሰው ማስቸገር አሳፋሪ ነው ብሎ ጻፈ። ቃሉ አሳምሞኛል። ገንዘቡን እንድከፍል ቢነገረኝ ኖሮ እከፍል ነበር፤ አትከፍልም ተብዬ በዚያ ላይ ተማምኜ የምዘጋበትን ቀን ወስኛለሁ። እናቲቱ ከእኔ ቀድመው፣ ቃል ከተሰጠ በኋላ የሚጠየቅ ገንዘብ የውል ዕዳ አይደለም ብለው በአጭሩ መለሱለት።

መልስ 11

በዚህ ላይ ረቂቁን እንደገና ጽፌ አቀረብኩ። በአማርኛ ሲመለስ ይህን ይላል፦

ማርች 4 ቀን 2025፣ ከሰዓት በኋላ 2:40 በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት፣ በመለያዬ ላይ ከተመዘገበው ስልክ ወደ ደንበኞች አገልግሎት ደውዬ ለ37 ደቂቃ ተነጋግሬያለሁ። የሠራተኛዋ መለያ ቁጥርና የጥሪው ማመሳከሪያ ቁጥር ከታች ተጽፈዋል። ሠራተኛዋ አዲሱን አድራሻዬን አጣርታ አገልግሎታችሁ እዚያ እንደማይደርስ ካረጋገጠች በኋላ፣ በዚሁ ምክንያት የዘጠኝ ወሩ የማቋረጫ ክፍያ 180 ዶላር እንደማይጠየቅ፣ ሞደሙን አገልግሎቱ ከተዘጋ በ14 ቀን ውስጥ እንድመልስ ነግራኛለች። በዚህ ቃል መሠረት አገልግሎቱ ማርች 12 እንዲዘጋ አዝዣለሁ። ከዚህ የተለየ ነገር በመዝገባችሁ ካለ ከማርች 12 በፊት በጽሑፍ አስታውቁኝ፤ ትክክል ከሆነም መመዝገቡን በአንድ መስመር እንድታረጋግጡልኝ እጠይቃለሁ።

መልስ 12

የጥሪ ማዕከሏ እህት ጽሑፉን አጸደቀችው፤ በተለይ ቃሉን ተቀብዬ ያደረግሁትን፣ ማለትም የመዝጊያውን ቀን ማዘዜን መጨመሬን ወደደችው። ወዴት ልትልከው ነው የሚለውን ጥያቄ ግን አነሣች። ቢል የሚመጣበት ኢሜይል ላይ መልስ ብዬ ብልክ፣ አብዛኛዎቹ እንዲህ ያሉ አድራሻዎች ማንም የማያነባቸው በመሆናቸው ጽሑፉ ባዶ ቦታ ይወድቃል። በድርጅቱ ድረ ገጽ፣ በራሴ መለያ ገብቼ በመልእክት ክፍሉ እንድልክና፣ ያንኑ ጽሑፍ ለደንበኞች አገልግሎት ኢሜይል እንድደግም መከረችኝ። በመለያዬ ገብቼ የላክሁት ከመዝገቤ ጋር ይያያዛል፤ ሲደርስም የጉዳይ ቁጥር ያለው መልስ በራሱ ይመጣል። ከአዲስ አበባ የጻፉልኝ አባት ማኅተሙ ይኸው ተገኘ አሉ። መለያው ከተዘጋ በኋላ መግባት ላልችል ስለምችል፣ መልእክቱንም መልሱንም በፒዲኤፍ እንዳወርድ አስጠነቀቀችኝ።

በዚያው ምሽት ላክሁት። የጉዳይ ቁጥር ያለው መልስ መጣ፤ ሰው የጻፈው ማረጋገጫ ግን አልመጣም።

መልስ 13

ይህ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሼ የጻፍኩት ነው። የመጨረሻው ቢል ኤፕሪል ውስጥ ሲመጣ 180 ዶላሩ አለበት። ከሥሩ ደግሞ ላልተመለሰ የቴሌቪዥን ሳጥን 60 ዶላር ተጨምሯል። ደወልኩ፤ ያነጋገረኝ ሠራተኛ ክፍያ ይነሣ የሚል ነገር አላየሁም አለ። የጉዳይ ቁጥሩን ስሰጠው መልእክቴን አገኘውና አነበበው፤ ግን የደንበኛ ጽሑፍ እንጂ የድርጅቱ ውሳኔ አይደለም ብሎ ወደ ኃላፊ መራኝ፤ ኃላፊውም አልደወለልኝም።

ከዚያ ለፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን አቤቱታ አስገባሁ። አቤቱታው በነጻ ነው፤ ኮሚሽኑ ወደ ድርጅቱ ካስተላለፈው በኋላ ድርጅቱ በ30 ቀን ውስጥ ለኮሚሽኑም ለእኔም በጽሑፍ መመለስ ይጠበቅበታል። ኢሜይሌንና የጉዳይ ቁጥር ያለበትን መልስ አያያዝኩ፤ በራሴ ቃል የጨመርኩት አራት መስመር ብቻ ነው። በ19ኛው ቀን ደብዳቤ መጣ፤ 180 ዶላሩ ለደንበኛ በተደረገ አስተያየት ተነሥቷል ይላል። ቃል ተገብቶልህ ነበር የሚል ነገር የትም የለም። 60 ዶላሩ ግን ጸንቷል።

ስለ ሳጥኑም ሠራተኛዋ በዚያው ጥሪ አሮጌ ስለሆነ መመለስ አያስፈልግህም ብላኝ ነበር። በደንብ አስታውሳለሁ፤ ረቂቁን ስጽፍ ግን ሐሳቤ ሁሉ 180 ዶላሩ ላይ ስለነበር በኢሜይሉ አላሰፈርኩትም።

መልስ 14

ነጋዴው ተመልሰው ድርጅቱ በዝምታው መታሰሩ በተግባር ታየ አሉ። የሕግ ቢሮው ሰው አልተቀበለውም፤ ድርጅቱ አስተያየት የሚለውን ቃል የመረጠው በምንም እንዳልታሰረ ለማሳየት ነው አለ። የጥሪ ማዕከሏ እህት ግምት ደግሞ ሌላ ነው፤ አቤቱታውን የተቀበለው ክፍል ትክክለኛውን ሰዓትና ቁጥር ስላገኘ የድምፅ ቅጂውን አውጥቶ አዳምጧል ትላለች። ነጋዴው፣ አዳምጠው ከሆነማ ስለ ሳጥኑ የተባለውንም ሰምተዋል፤ ለምን አላነሡትም ብለው ጠየቋት። ደንበኛው በአቤቱታው የጠየቀውን ብቻ ነው የሚፈልጉት ብላ መለሰች፤ ማንም ግን በእርግጠኝነት ሊናገር አልቻለም።

መልስ 15

እናቲቱ በመጨረሻ ለ60 ዶላር ፍርድ ቤት እንዳልሄድና ሳጥኑን ወደ ድርጅቱ ሱቅ ወስጄ እንድመልስ መከሩኝ፤ የጥሪ ማዕከሏ እህትም የሳጥኑ ተከታታይ ቁጥር የተጻፈበት ደረሰኝ ሳልቀበል እንዳልወጣ ጨመረችልኝ። ቅዳሜ ወሰድኩት። የሱቁ ሠራተኛ ተቀብሎ ክፍያው በሚቀጥሉት ሁለት ቢሎች ውስጥ ይመለስልሃል አለኝ። ደረሰኙን ፎቶ አንሥቼ፣ መኪናው ውስጥ ሳልነሣ የሰውየውን ቃል፣ የሱቁን አድራሻና ሰዓቱን፣ 11:20 ጠዋት ብዬ በአሜሪካ አቆጣጠር፣ በቀድሞው የጉዳይ ቁጥር ሥር ልኬላቸዋለሁ።